ከ14 የምስክር ወረቀት ስንቱ ሲቪ ላይ ይግባ?

(በማኅበራችን የአባላት ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የማወራችሁ በየቤታችን ቁም ሣጥን ውስጥ በፕላስቲክ ፋይል ታጅቦ ስለተቀመጠው የምስክር ወረቀት ነው። ከጎንደርም ሆነ ከዳባትና ከደባርቅ የመጣችሁ እህቶች ባለፉት ዓመታት ብዙ ሥልጠና ወስዳችኋል። የ1 ቀን አለ፣ የ3 ቀን አለ፣ የ2 ወር አለ፤ አሁን ደግሞ በስልክ የሚወሰደው ኦንላይን ኮርስ ተጨምሯል። የሥራ ማስታወቂያ ሲወጣ ታዲያ ሁሉንም ሲቪ ላይ እንደረድራለን። «ቢበዛ ምን ይጎዳል?» የሚል ሐሳብ አለን። የሚጎዳበትን መንገድና ማስተካከያውን ላሳያችሁ።

ሲቪያችንን የሚያነበው ሰው እንዴት እንደሚያነብ ብናውቅ ብዙው ነገር ይቀለናል። መሥሪያ ቤቱ ማስታወቂያ ሲያወጣ መስፈርት ይጽፋል፦ ይህን ያህል የትምህርት ደረጃ፣ ይህን ያህል ዓመት ልምድ፣ ይህን ሶፍትዌር መጠቀም የምትችል፣ ገጠር ወጥታ የምትሠራ። ማመልከቻ የሚመረምረው ሰው ያንን መስፈርት ከፊቱ አስቀምጦ በእያንዳንዱ ሲቪ ላይ መልሱን ይፈልጋል። ካገኘ ምልክት ያደርጋል፤ ካላገኘ ያልፋል። ከፊቱ የተቆለለው ማመልከቻ ብዙ ስለሆነ ሁለተኛ ጊዜ ተመልሶ አይፈልግልንም። ስለዚህ ዋናው ማስረጃችን በ3ኛው ገጽ ላይ፣ በኮቪድ ግንዛቤና በሕይወት ክህሎት ሥልጠና መካከል ከተቀበረ፣ እያለን እንደሌለን እንቆጠራለን። ጉዳቱ ይኸው ነው።

አንድ ምሳሌ ወስደን እስከ መጨረሻው እንሂድበት። እንበልና አንዲት እህታችን በጎንደር ከተማ በሂሳብ ሙያ ደረጃ 4 የጨረሰች፣ ለ2 ዓመት የአንድ ሱቅን ሂሳብ የያዘች ናት። ፋይሏን ስትከፍት 14 ወረቀት ታገኛለች፦ የኮሌጁ የደረጃ 4 ማስረጃ፣ የሲኦሲ የብቃት ማረጋገጫ፣ የ2 ወር የፒችትሪ ሥልጠና፣ መሠረታዊ ኮምፒዩተር፣ የቁጠባ ቡድን የመዝገብ አያያዝ ለ5 ቀን፣ የሥራ ፈጠራ ለ6 ቀን፣ የመጀመሪያ ሕክምና ርዳታ ለ2 ቀን፣ ጾታዊ ጥቃትን ስለመከላከል በተለያየ ጊዜ የተሰጡ 2 ሥልጠናዎች፣ የሕይወት ክህሎት፣ የ1 ቀን የኮቪድ ግንዛቤ፣ የኤክሴል ኦንላይን ኮርስ፣ የ1 ወር የምግብ ዝግጅት፣ በመጨረሻም ለአንድ በዓል ዝግጅት አስተባባሪነት የተሰጠ የምስጋና ወረቀት።

አንድ የገንዘብ ቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር የሂሳብ ሠራተኛ ፈልጎ ማስታወቂያ አወጣ እንበል። መስፈርቱ፦ በሂሳብ ደረጃ 4 ከሲኦሲ ጋር፣ 2 ዓመት ልምድ፣ ፒችትሪና ኤክሴል የምትችል፣ በገጠር ቀበሌ ካሉ ቆጣቢዎች ጋር ለመሥራት ፈቃደኛ። አሁን 14ቱን ወረቀት በሰፌድ እናበጥር።

መጀመሪያ ከሥልጠና ክምር ውስጥ መውጣት ያለበት ሲኦሲው ነው። ብዙ እህቶች «የወሰድኳቸው ሥልጠናዎች» በሚለው ርዕስ ሥር ከዎርክሾፕ ወረቀቶች ጋር ያሰልፉታል። ሲኦሲ ግን ሥልጠና አይደለም። ከኮሌጁ ውጭ ያለ አካል በጽሑፍና በተግባር መዝኖ «ብቁ» ያለበት ማስረጃ ነው። ኮሌጁ የሚሰጠው ወረቀት ትምህርቱን መጨረሷን ይናገራል፤ ሲኦሲው ሙያውን መቻሏን ይናገራል። ቀጣሪው ደረጃ 4 ከሲኦሲ ጋር ብሎ ሲጽፍ ሁለቱንም ይፈልጋል፤ ስለዚህ ቦታቸው ጎን ለጎን፣ «ትምህርት» በሚለው ርዕስ ሥር፣ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ነው። እንዲህ ይጻፋል፦

ትምህርትና የሙያ ብቃት
ሂሳብ ደረጃ 4፣ (የኮሌጁ ስም)፣ ጎንደር፣ 2013 ዓ.ም.
የብቃት ምዘና (ሲኦሲ) ደረጃ 4፣ ውጤት፦ ብቁ፣ ነሐሴ 2013 ዓ.ም.

የሙያ ፈቃድም እንደዚሁ ነው። ነርስ፣ አዋላጅ ወይም ፋርማሲስት የሆነች እህት የሙያ ፈቃዷን ከአጫጭር ሥልጠና ጋር አትቀላቅለው። ያለ እሱ ሥራውን መሥራት አይፈቀድላትምና ከላይ ይቀመጣል።

ቀጥሎ ያለው ሥራ የቀሩትን 12 ወረቀቶች አንድ በአንድ ማንበብ ነው። «ማንበብ» ስል የእውነት ማንበብ ማለቴ ነው፤ ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ቃል ይለያያልና። «ተሳትፋለች» ካለ በቦታው ተገኝታለች ማለት ነው። «አጠናቅቃለች» ካለ ሥልጠናውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ወስዳለች። «ተፈትና አልፋለች» ካለ መቻሏን ሰው አይቶላታል። ሲቪ ላይ ከወረቀቱ ከፍ ያለ ቃል መጻፍ አይገባም። የ1 ቀን ተሳትፎን «ሠልጥኛለሁ» ብሎ መጻፍ ዋናው ወረቀት ሲታይ ያስገምታል፤ ሌላው እውነተኛ ማስረጃችንም አብሮ ይጠረጠራል።

ካነበብን በኋላ ለእያንዳንዱ ወረቀት ሁለት ጥያቄ እናቅርብለት። አንደኛ፦ ማስታወቂያው ላይ ካለው መስፈርት የትኛውን ይመልሳል? ሁለተኛ፦ ነገ ጠዋት ጠርተው «እስቲ አሳዪን» ቢሉኝ እችላለሁ? ሁለቱንም ያለፈ ይገባል። ሁለተኛው ጥያቄ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ለሂሳብ ሥራ የተግባር ፈተና የሚሰጥ ቀጣሪ ኮምፒዩተር ፊት አስቀምጦ ፒችትሪ ያስከፍታል። ሥልጠናውን ወስዳ ከዚያ በኋላ ያልነካችው እህት ሲቪው ላይ ከማስፈሯ በፊት 2 ቀን ልምምድ ብታደርግበት ይሻላታል።

በዚህ ሚዛን ከ12ቱ 4ቱ ያልፋሉ። ፒችትሪና ኤክሴል በማስታወቂያው በስም ተጠርተዋል። የቁጠባ ቡድን መዝገብ አያያዝ የድርጅቱ የዕለት ሥራ ነው፤ እንዲያውም ከሌሎች የሂሳብ ተመራቂዎች የሚለያት ይኸው ሊሆን ይችላል። የሥራ ፈጠራው ሥልጠና የተበዳሪን የንግድ ዕቅድ ለማንበብ ስለሚረዳ በመጨረሻ ይገባል። መሠረታዊ ኮምፒዩተር ለብቻው መስመር አያስፈልገውም፤ ፒችትሪና ኤክሴል የምትሠራ ሴት ኮምፒዩተር መክፈት እንደምትችል ግልጽ ነውና «ክህሎት» በሚለው ሥር በአንድ ቃል ያልቃል። የቀሩት 7 ወረቀቶች ለዚህ ሥራ ፋይሉ ውስጥ ይቆያሉ። አይጣሉም፤ ተራቸውን ይጠብቃሉ።

አሁን አጻጻፉን እንይ። አንድ የሥልጠና መስመር አምስት ነገር ይይዛል፦ የሥልጠናው ስም፣ ያሠለጠነው ድርጅት፣ ጊዜው፣ ርዝመቱ፣ ከዚያ ደግሞ ምን መሥራት እንዳስቻላት የሚናገር አጭር ሐረግ። እንዲህ፦

ለሥራው አግባብነት ያላቸው ሥልጠናዎች
ፒችትሪ የሂሳብ ሶፍትዌር፣ (የማሠልጠኛው ስም)፣ የካቲት እና መጋቢት 2015 ዓ.ም.፣ 60 ሰዓት። የደንበኛ፣ የዕቃ ክምችትና የደመወዝ ምዝገባ።
የቁጠባ ቡድን የመዝገብ አያያዝ፣ (የድርጅቱ ስም)፣ ኅዳር 2015 ዓ.ም.፣ 5 ቀን። የአባል ደብተር፣ የብድር መዝገብ፣ የዓመት መጨረሻ ክፍፍል ስሌት።
ኤክሴል (ኦንላይን)፣ (የመድረኩ ስም)፣ ጥር 2017 ዓ.ም.፣ 18 ሰዓት፣ የማረጋገጫ ቁጥር …።
ሥራ ፈጠራና የንግድ ዕቅድ፣ (የድርጅቱ ስም)፣ ግንቦት 2014 ዓ.ም.፣ 6 ቀን።

አራት መስመር ነው። የሥራ ልምድ ከቅርቡ ወደ ሩቁ ይደረደራል፤ ሥልጠና ግን እንዲህ ሲያጥር ለሥራው በሚቀርበው ቢጀምር ነውር የለውም። ርዕሱንም ልብ በሉ፤ «ለሥራው አግባብነት ያላቸው» ብለን ስንጽፍ ሌላም እንዳለንና መርጠን እንዳቀረብን አንባቢው ይረዳል።

ርዝመቱን መጻፍ የሚያሳፍራቸው እህቶች አሉ፤ «5 ቀን ብዬ ብጽፍ ያሳንሰኛል» ይላሉ። ሳይጻፍ ሲቀር ግን መርማሪው የ1 ቀን ስብሰባ አድርጎ ይገምተዋል። 5 ቀን 5 ቀን ነው፤ 60 ሰዓት ደግሞ ብዙ ነው።

ስለ ድርጅቱ ስም አንድ ነገር ልበል። በእኛ አካባቢ አንድ ወረቀት ላይ ሦስት አራት አርማ ይታያል፤ የለጋሹ፣ የአስፈጻሚው ድርጅት፣ የወረዳው ጽሕፈት ቤት። ሲቪ ላይ ሁሉንም መደርደር መስመሩን ያስረዝመዋል። የሚጻፈው ሥልጠናውን የሰጠውና የፈረመው ነው፤ ቀጣሪው ደውሎ ቢጠይቅ ስማችንን በመዝገቡ የሚያገኘው እሱ ነውና።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ደግሞ ዓመተ ምሕረቱ ላይ ነው። የእንግሊዝኛ ሲቪ ሲዘጋጅ የኢትዮጵያን ዓመት ወደ ፈረንጅ መለወጥ ግድ ነው፤ አብዛኛው ሰው በሁሉም ላይ 8 ይደምራል። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ አልፎ የፈረንጆች ዓመት እስኪለወጥ ድረስ የሚደመረው ግን 7 ነው። የእህታችን የቁጠባ ቡድን ሥልጠና በኅዳር 2015 ዓ.ም. ነበር፤ በፈረንጅ ኖቬምበር 2022 ይሆናል። 8 ደምራ 2023 ብትጽፍ፣ ወረቀቱ 2022 እያለ ሲቪዋ 2023 ይላል። ፒችትሪው ግን በየካቲትና በመጋቢት ስለሆነ 8 ተደምሮ 2023 ነው። ሲቪው በአማርኛ ከሆነ በዓ.ም. ብቻ፣ በእንግሊዝኛ ከሆነ በፈረንጅ ብቻ ይጻፍ፤ ሁለቱ የዘመን አቆጣጠር በአንድ ሲቪ ላይ መቀላቀል የለበትም።

ወደ ኦንላይን ኮርስ ልለፍ፤ በቅርቡ ብዙ ወጣቶቻችን የገቡበት ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረውን የ5 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደርስ መርሐ ግብር ሰምታችኋል፤ የፕሮግራሚንግ፣ የዳታ ሳይንስና የአንድሮይድ መነሻ ትምህርቶችን በነጻ ይሰጣል። ኮርሴራና ኢዲኤክስ የመሳሰሉ የውጭ መድረኮችም አሉ። በነሱ ላይ አንዳንድ ትምህርቶችን በሙሉ ወይም በከፊል በነጻ መከታተል ይቻላል፤ ለምስክር ወረቀቱ ግን ክፍያ ይጠየቃል። ሳይከፍሉ የተከታተሉት ትምህርት እውቀት ነው እንጂ ወረቀት የለውም፤ ስለዚህ በ«ሥልጠና» ሥር ሳይሆን በ«ክህሎት» ሥር ይገባል፤ ለምሳሌ «ኤክሴል፦ የደመወዝ ሠንጠረዥ አዘጋጃለሁ» ተብሎ።

የኦንላይን ማስረጃ የቀለም ማኅተምና የእጅ ፊርማ ስለሌለው ዋጋ የሚሰጠው የማረጋገጫ ቁጥሩ ወይም አድራሻው ነው። ቀጣሪው ያንን ስልኩ ላይ ጽፎ ስሟን ያያል። ስለዚህ ከኮርሱ ስም አጠገብ ይጻፋል። ከመላካችን በፊትም ራሳችን ከፍተን እንሞክረው፤ አንድ ፊደል ከተዘለለ አይከፍትም። በእኛ አካባቢ ኢንተርኔት መቋረጡንም እናውቃለን፤ ማስረጃው በተገኘበት ዕለት ፋይሉን አውርዶ ስልክና ኢሜይል ላይ ማስቀመጥ፣ አንድም አትሞ ፋይል ውስጥ መክተት ነው።

ሌላው የኦንላይን ችግር ስም ነው። ስንመዘገብ በቅጽል ስም ወይም በአባት ስም ብቻ እንገባለን፤ ማስረጃው ሲወጣም ያንኑ ይዞ ይወጣል። ስማችን በላቲን ፊደል ሲጻፍ ደግሞ መልኩ ብዙ ነው፤ ትዕግሥት የሚለውን አንዱ በአይ፣ ሌላው በኢ ይጽፈዋል። ሦስት ማስረጃ ላይ ሦስት ዓይነት ስም ከታየ የአንድ ሰው መሆኑ ያጠያይቃል። መፍትሔው በፋይዳ መታወቂያ ወይም በፓስፖርት ላይ ያለውን አጻጻፍ መያዝና ከእንግዲህ በየትም ቦታ፣ በሥልጠና መመዝገቢያ ወረቀት ላይም ጭምር፣ እሱን ብቻ መጻፍ ነው። በኦንላይን ከሆነ ማስረጃው ከመውጣቱ በፊት ስሙን ማስተካከል ያስፈልጋል።

ያላለቀ ኮርስስ? የመጨረሻው ቀን የሚታወቅና እየተማርን ያለነው ከሆነ፣ ለሥራውም የሚያስፈልግ ከሆነ «በመከታተል ላይ፣ እስከ ሰኔ ይጠናቀቃል» ብሎ አንድ መስመር መጻፍ ይቻላል። ከ1 ዓመት በፊት ጀምረን የተውነው ግን አይጻፍም።

አሁን ወደ ምሳሌዋ እህታችን እንመለስ። ከወር በኋላ ሌላ ማስታወቂያ ወጣ እንበል፤ አንድ ግብረ ሠናይ ድርጅት በዳባት ወረዳ የሴቶች ቡድኖችን የምታደራጅ ሠራተኛ ይፈልጋል። 14ቱ ወረቀት ያው ናቸው፤ ሲቪው ግን ይለወጣል። የቁጠባ ቡድን መዝገብ አያያዝ አንደኛ ይሆናል። ፋይል ውስጥ የቆዩት ሁለቱ የጾታዊ ጥቃት ሥልጠናዎች ይወጣሉ፤ ርዕሳቸው አንድ ስለሆነ በአንድ መስመር ይጠቃለላሉ፦ «ጾታዊ ጥቃትን መከላከል፣ 2 ሥልጠና፣ በድምሩ 3 ቀን፣ 2014 እና 2016 ዓ.ም.»። የሕይወት ክህሎትና የሥራ ፈጠራም ይገባሉ። ፒችትሪው በተራው ወደ «ክህሎት» ይወርዳል። ኮቪዱ፣ የምግብ ዝግጅቱና የምስጋና ወረቀቱ አሁንም ተራቸው አልደረሰም። ምግብ ዝግጅቱ ግን ደባርቅ ላይ የስሜን ተራሮችን የሚጎበኙ እንግዶችን የሚያስተናግድ ሆቴል ሠራተኛ ሲፈልግ አንደኛ ይሆናል።

ይህን በየማስታወቂያው ለመለዋወጥ አንድ ዋና ዝርዝር ያስፈልጋል። ደብተር ላይ ሊሆን ይችላል። ለእያንዳንዱ ወረቀት ስሙን፣ የሰጠውን ድርጅት፣ የተጀመረበትንና ያለቀበትን ቀን በሁለቱም አቆጣጠር፣ ሰዓቱን ወይም ቀኑን፣ የተማርነውን ርዕስና የወረቀቱን ቁጥር እንመዘግባለን። ሁሉም ነገር የሚጻፈው እዚያ ላይ ነው፤ ሲቪው ከዚያ ተመርጦ ይወጣል። ርዕሶቹን ሥልጠናው ባለቀበት ሳምንት መጻፍ ይመረጣል፤ ከ2 ዓመት በኋላ የሚታወሰን የምሳው ዓይነትና አበሉ ብቻ ይሆናል።

ይህ ምክር የማይሠራበት ቦታም አለ። በማስታወቂያ ሰሌዳ የሚወጣ የመንግሥት ቅጥር ብዙ ጊዜ የሚመዝነው የትምህርት ደረጃን፣ ሲኦሲንና ከሙያው ጋር የተያያዘ የሥራ ልምድን ነው። ማስታወቂያው ዋናውንና የማይመለስ ኮፒውን ይዛችሁ ቅረቡ ሲል፣ በስም የጠራውን ማስረጃ ሁሉ አሟልቶ ማቅረብ ግዴታ ነው፤ ያልጠራውን ሥልጠና 10 ጊዜ ኮፒ ማስደረግ ግን ለፎቶ ኮፒ ቤቱ ካልሆነ ለማንም አይጠቅምም። ሥልጠና እንዲቀርብ በግልጽ ከጠየቀ ግን የተጠየቀው ሁሉ ይቅረብ። ገና የሥራ ልምድ የሌላት ልጅ ደግሞ ሥልጠናዋ ከልምድ ርዕስ ይቀድማል፤ እሷም ብትሆን መስመሯን ከ5 ወይም ከ6 ባታሳልፍ ይመረጣል።

በመጨረሻ ለደጋፊዎቻችንና ለማኅበራችን አመራር የምለው አለኝ። አባላቶቻችን ከሚያመጧቸው ወረቀቶች ብዙዎቹ አርማና መልካም ምኞት ብቻ አላቸው፤ ስንት ሰዓት እንደተሰጠ፣ ምን እንደተማሩ፣ መመዘናቸው አይታይም። እንዲህ ያለው ወረቀት የ5 ቀን ድካምን የ1 ቀን ስብሰባ ያስመስለዋል። ከሚቀጥለው ሥልጠና ጀምሮ የምንሰጠው ማስረጃ ሙሉ ስም እስከ አያት፣ ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር፣ ጠቅላላ ሰዓቱን፣ ሦስት ወይም አራት ዋና ርዕሶችን፣ ተሳትፎ ወይም ምዘና መሆኑንና የመዝገብ ቁጥር እንዲይዝ እጠይቃለሁ። መዝገቡም ቢሯችን ይቀመጥ፤ ቀጣሪ ደውሎ ሲጠይቅ መልስ የሚሰጥ ሰው ይኑር። ይህ ከአንድ ገጽ ወረቀት በላይ ወጪ የለውም።

ለዛሬ እዚህ ላይ ላብቃ። ፋይላችሁን ይዛችሁ የመጣችሁ እህቶች ከሻይ በኋላ ቆዩ፤ ሁለት ሁለት ሆነን የአንዳችንን ወረቀት ሌላችን እናነባለን። የራስ ወረቀት ሁሉም ይሳሳል፤ የጓደኛን መምረጥ ይቀላል።